ፎቶው የጠፋበት ምሳ፦ የበሉትን መጠን ከዝርዝር መልሶ ስለማግኘት

ጥያቄ፦ «ዓይነት ሁለት የስኳር ሕመም አለብኝ፤ የምወስደው የሚዋጥ መድኃኒት ብቻ ነው። የሥነ ምግብ ባለሙያዬ ለቀጠሮ ስመጣ የሦስት ቀን ምግቤን በፎቶ ይዤ እንድቀርብ ነግራኛለች። ትናንት እሑድ እናቴ ቤት ለአራት ሆነን እንጀራ በሽሮ፣ በምስር ወጥ፣ በጎመንና በጥብስ በላን። ፎቶውን አንሥቼው ነበር፤ ግን ማታ ስልኬ ወድቆ ተሰበረና አብሮ ጠፋ። ምሳ ከጀመርን ከሁለት ሰዓት በኋላ ስለካ ስኳሬ 212 ነበር። ያንኑ ምግብ ደግሜ ሠርቼ ፎቶ ላንሣ? ከስኳሩ ቁጥር ተነሥቼ የበላሁትን ልገምት? ወይስ ያን ቀን ልተወው?»

ምላሽ፦ ቀኑን አይተዉት፤ ምግቡን ደግመው ሠርተው ፎቶ አያንሡ፤ ከ212 ተነሥተውም ወደ ኋላ አያስሉ። ዛሬውኑ ወረቀት ይያዙና በመጀመሪያ የበሉትንና የጠጡትን ሁሉ ያለ መጠን ይዘርዝሩ፤ ቀጥሎ የእያንዳንዱን መጠን፣ በመጨረሻም አሠራሩን ይሙሉ። ይህ ፎቶ ለጠፋበት ሰው ብቻ የተፈለሰፈ ማካካሻ አይደለም። የሥነ ምግብ ጥናት ባለፉት 24 ሰዓታት የተበላውን ጠይቆ በመመዝገብ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲመሠረት የኖረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2011 በአገራችን የተካሄደው ብሔራዊ የምግብ ፍጆታ ጥናትም እናቶችንና ሕፃናትን የመዘገበው በዚሁ መንገድ ነው። ጥያቄዎን የጻፉት በማግሥቱ በመሆኑ ጊዜው አላለፈም፤ ነገ ግን ዛሬ የሚያስታውሱትን ያህል አያስታውሱም።

ከሁሉ በፊት ፎቶው ምን ይነግርዎ እንደነበር በትክክል መረዳት ያስፈልጋል፤ በጥያቄዎ ውስጥ ያለው ዋና የተሳሳተ ግንዛቤ ፎቶውን እንደ ሚዛን ማየቱ ነውና። ፎቶ የሚያሳየው የምግቡን ስፋት ነው፤ ጥልቀቱን አያሳይም። ከወጡ ሥር ስንት እንጀራ እንደተነጠፈ፣ ሽሮው ውስጥ ምን ያህል ዘይት እንደገባ፣ ጎመኑ በውሃ ይሁን በቅቤ የተቁላላ መሆኑን ከላይ በተነሣ ምስል መለየት አይቻልም። የእርስዎ ፎቶ ደግሞ ከዚህም የባሰ ገደብ ነበረበት፤ የተነሣው ለአራት ሰው የቀረበ ገበታ ነውና። ምግቡ ከመበላቱ በፊት የተነሣ የጋራ ትሪ አንድ ሰው ስንት እንደበላ ሊናገር አይችልም፤ የሚናገረው ምን እንደቀረበ ብቻ ነው። ስለዚህ ፎቶው ቢኖርም ባለሙያዋ የምትጠይቅዎ አሁን እኔ እንዲጽፉ የምነግርዎን ነው። በነገራችን ላይ ፎቶውን ለዘመድ በቴሌግራም ልከውት ከነበረ ከእሱ ሊያገኙት ይችላሉ፤ የምግቦቹን ዓይነት ለማስታወስ ይረዳል፤ መጠኑን ግን በዚያም አያገኙትም።

ደግሞ ሠርቶ ፎቶ ማንሣት የማይበጀው የተለየ ቀን የተለየ ምግብ ስለሆነ ነው። ሰው ለፎቶ ሲያቀርብ ሳያስበው ያስተካክላል፤ እንጀራውን ይቀንሳል፣ ጎመኑን ያበዛል፣ ዘይቱን ይመጥናል፤ የሚወጣውም ምስል የእሑዱ ምሳ መስሎ የእሑዱን ስኳር የማያስረዳ ይሆናል። ከ212 ተነሥቶ ወደ ኋላ ማስላቱ ደግሞ የበለጠ አሳሳች ነው። ከምግብ በኋላ የሚለካው ስኳር በበሉት መጠን ብቻ አይወሰንም፤ ምሳ ሲጀምሩ ስኳርዎ ስንት እንደነበር፣ መድኃኒቱን በሰዓቱ መውሰድዎ፣ የሌሊት እንቅልፍዎ፣ ጉንፋን ወይም ሌላ ሕመም መኖሩ፣ ከምሳ በኋላ መቀመጥዎ ወይም መንቀሳቀስዎ ሁሉ ቁጥሩን ይለውጡታል። ቁጥሩ ከፍ ስላለ ብቻ «ብዙ በልቻለሁ» ብለው ከጻፉ፣ ባለሙያዋ መዝገቡን ከስኳሩ ጋር ስታነጻጽር የምታገኘው ራሱን የሚያረጋግጥ ክብ ነው፤ ከዚያ ምንም መማር አይቻልም። ስለዚህ መዝገቡን ሲጽፉ 212 የሚለውን ቁጥር ለጊዜው ይርሱት፤ ምግቡ ተጽፎ ካለቀ በኋላ ብቻ ከጎኑ ያስፍሩት።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። የመጀመሪያውን ዝርዝር ብቻዎን ይጻፉ፤ እናትዎንም ሆነ አብረውዎት የበሉትን ገና አይጠይቁ። ሌላ ሰው የነገረዎት ነገር ከራስዎ ትውስታ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ የትኛው የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። ዝርዝሩ ላይ መጠን አይጨምሩ፤ የምግቡን ስም ብቻ እየጻፉ ይለፉ። ስለ መጠን ማሰብ ሲጀምር አእምሮ ትልልቆቹ ምግቦች ላይ ይቆምና ትንንሾቹን ይዘላቸዋል። ከጨረሱ በኋላ ሁለተኛ ዙር ይመለሱና በተለምዶ የሚረሱትን አንድ በአንድ ይፈልጉ። በእኛ ገበታ ላይ የሚረሱት ሁልጊዜ ተመሳሳይ ናቸው፦ ምሳ ሳይቀርብ በፊት ኩሽና ውስጥ የተቀመሰው፣ የጎረሱት ጉርሻ፣ አዋዜና ዳጣ፣ ለስላሳና ጭማቂ፣ ከምግብ በኋላ የመጣ ፍራፍሬ፣ ሻይና ቡና ውስጥ የገባ ስኳር፣ የቡና ቁርስ። ጉርሻን በተለይ አነሣለሁ፤ ሰው የበላውን ሲቆጥር በገዛ እጁ የጎረሰውን እንጂ በሌላ ሰው እጅ የጎረሰውን አይቆጥርም። እናት ቤት በሚበላ የእሑድ ምሳ ግን ሦስትና አራት ትልልቅ ጉርሻ የሩብ እንጀራን ያህል ሊጠጋ ይችላል።

በጥያቄዎ ውስጥ ቡና አልተጠቀሰም። አልተፈላ ከሆነ መልካም፤ ተፈልቶ ከሆነ ግን በዝርዝሩ ውስጥ ከምስር ወጡ የሚበልጥ ቦታ አለው። አቦል፣ ቶናና በረካ በስኳር ከተጠጡና አጠገቡ ቆሎ ወይም ዳቦ ካለ፣ ይህ በራሱ አንድ መክሰስ ነው። ከዚህም በላይ ሰዓቱን ይለውጣል። ምሳ ሰባት ሰዓት ተጀምሮ ቡናው ስምንት ሰዓት ላይ ቀርቦ ከሆነ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተለካው ስኳር ከምሳው ሁለት ሰዓት ቢርቅም ከቡናው ስኳርና ከቆሎው የራቀው ግን አንድ ሰዓት ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ መጀመሪያ ሁለት ሰዓት በኋላ ስኳሩ ከ180 በታች እንዲሆን ይፈለጋል ሲባል፣ በመካከል ሌላ ነገር እንዳልተበላ ታስቦ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምግብ ጎን የበሉበትን ሰዓት በግምትም ቢሆን ያስፍሩ።

ወደ መጠኑ ስንመጣ አብዛኛውን ድካምዎን ለእንጀራው ይስጡት፤ በዚህ ምሳ ውስጥ ካርቦሃይድሬቱን በአብዛኛው የተሸከመው እሱ ነውና። «አንድ እንጀራ በላሁ» የሚለው አነጋገር ብቻውን መለኪያ አይሆንም። እንጀራ ክብ ስለሆነ መጠኑ ከስፋቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ዳር እስከ ዳር 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጀራ 56 ሴንቲ ሜትር ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ለዓይን ጥቂት ያነሰ ይመስላል፤ በስፋቱ ግን ግማሹን ያህል ብቻ ነው። ውፍረቱም ከቤት ቤት ይለያያል። ስለዚህ የእናትዎ ምጣድ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ይለኩ፤ የሚቀጥለው እንጀራ ሲጋገርም ሦስቱን በኩሽና ሚዛን መዝነው አማካዩን ይያዙ። ይህ ቁጥር ከዚህ ቀጠሮ በኋላም ስለሚያገለግልዎ መልሶ መላልሶ መመዘን አያስፈልግም። ዱቄቱንም ይጠይቁ፤ ንጹሕ ጤፍ ነው ወይስ ሩዝ፣ ማሽላ፣ ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት? ባለሙያዋ የምትጠቀምበት የምግብ ይዘት ሠንጠረዥ እንደ እህሉ ስለሚለያይ ለእሷ አስፈላጊ ነው።

የበሉትን እንጀራ ብዛት ለማግኘት ከትሪው ሳይሆን ከሞሰቡ ይነሡ። ስንት እንጀራ ወጣ? ተነጥፎና ተጠቅልሎ የቀረበው ተደምሮ ስንት ነበር? ስንት ተመለሰ፣ ትሪው ላይ የተነጠፈውስ ተበላ ወይስ ተረፈ? የወጣው ሲቀነስ የተመለሰው አራታችሁ አንድ ላይ የበላችሁት ይሆናል፤ ይህ ቁጥር ከማንም የግል ትውስታ ይልቅ የታመነ ነው፤ እናትዎም በቀላሉ ሊያስታውሱት ይችላሉ። ከዚያ ለአራት አካፍለው የመካከለኛ ድርሻውን ያውጡና ራስዎን ከሌሎቹ ጋር ያነጻጽሩ፦ ከማን በፊት እጅዎን ታጠቡ? ማን ሲበላ ቆየ? ከፊትዎ ያለው የትሪው ክፍል ተራቁቶ ነበር? ሰዎች መጠንን ሲገምቱ በአንድ ወገን ብቻ አይሳሳቱም፤ ብዙ የበላ ሰው አሳንሶ፣ ጥቂት የበላ ሰው ደግሞ አብልጦ የመናገር ዝንባሌ አለው፤ ሁሉም ወደ መካከል ይሳባል። ለዚህ መድኃኒቱ «ስንት በላሁ?» ብሎ አንድ ቁጥር ከመፈለግ ይልቅ ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ በእርግጠኝነት ከዚህ አላነስኩም የምለው ስንት ነው? በእርግጠኝነት ከዚህ አልበለጥኩም የምለውስ? እውነቱ በሁለቱ መካከል ነው፤ በመዝገቡም ላይ ሁለቱም ይጻፉ።

ለወጦቹ ደግሞ ከድስቱ ይነሡ። «ሁለት ጭልፋ ሽሮ» የሚለው መልስ አነሰም በዛም ብዙ አይነግረንም፤ ሽሮ እንደ ውሃው መጠን ይለያያልና። በአንድ ጭልፋ ተጋቢኖ ውስጥ ያለው ዱቄት ከአንድ ጭልፋ ቀጭን ሽሮ በእጅጉ ይበልጣል፤ ውሃው ካርቦሃይድሬትም ጉልበትም አይጨምርም። ስለዚህ የሚጠየቀው ድስቱ ውስጥ ስንት ዱቄት፣ ስንት ምስር፣ ስንት ሥጋ፣ ስንት ዘይት ገባ የሚለው ነው። እናትዎ በእጃቸው መጥነው የሚሠሩ ከሆነ በግራም አይጠይቋቸው፤ በራሳቸው ዕቃ ይጠይቋቸው፦ በየትኛው ብርጭቆ፣ እስከ የት? ከዚያ ያንኑ ብርጭቆ በዱቄት ሞልተው ይመዝኑት። የድስቱ ይዘት ከታወቀ በኋላ የእርስዎ ድርሻ ከስንት አንድ እጅ ነበር የሚለው ብቻ ይቀራል። ከወጡ የተረፈ ካለ፣ የተረፈውን ከጠቅላላው መቀነስ እንዳይረሱ።

እዚህ ላይ ቀደም ሲል ያልኩትን ላጥብበው። ምግቡን ደግሞ መሥራት አይጠቅምም አልኩ እንጂ ዕቃዎቹን ማየት አይጠቅምም አላልኩም። ያንኑ ትሪ፣ ያንኑ ጭልፋ፣ ያንኑ ስኒ በፊትዎ ማድረግ ትውስታን ያነቃል። ጭልፋውን ውሃ ሞልተው በመለኪያ ብርጭቆ ይለኩት፤ ሚዛን ብቻ ካለዎት ደግሞ የውሃው ክብደት በግራም ከመጠኑ በሚሊ ሊትር ጋር እኩል ነው። በራስዎ ሳህን አውጥተው የበሉት ነገር ካለም እስከሚያስታውሱት ከፍታ ድረስ ውሃ ሞልተው መለካት ይችላሉ።

የአሠራሩ ዘዴ በሦስት ምክንያት ይጠየቃል፤ ከእነዚህም ዘይቱ በአብዛኛው የሚረሳው ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 120 ኪሎ ካሎሪ ገደማም ይሰጣል፤ ቁሌቱ ውስጥ የገባው ዘይት ደግሞ በትሪው ላይ አይታይም። ዘይት ስኳርን በቀጥታ ባይጨምርም የምግቡን መፈጨት ስለሚያዘገይ የስኳሩ ከፍታ ዘግይቶ እንዲመጣና እንዲቆይ ሊያደርግ ይችላል፤ ክብደት ለመቀነስ ለሚሞክር ሰውም ትልቁ የጉልበት ምንጭ ነው። ሁለተኛው ምክንያት የጥሬና የበሰለ ክብደት ልዩነት ነው። ምስር ሲበስል ውሃ ጠጥቶ ከሁለት እጥፍ በላይ ይከብዳል፤ ሥጋ ግን ውሃውን እየለቀቀ ከሩብ እስከ ሢሶ የሚሆነውን ክብደቱን ያጣል። «ግማሽ ኪሎ ሥጋ» የተባለው ከሉካንዳ ሲመጣ ነው ወይስ ከምጣድ ሲወርድ? አጥንት አለበት? ይህ ካልተጻፈ ቁጥሩን የሚያነበው ሰው የራሱን ግምት ይጨምርበታል። ሦስተኛው የተጨመረው ነገር ነው፦ ጎመኑ ውስጥ ድንች አለ? ጥብሱ በቅቤ ነው በዘይት? ምስሩ ቀይ ነው አልጫ? የመጨረሻው ለስኳሩ ብዙ ለውጥ ባያመጣም ባለሙያዋ ምግቡን ከሠንጠረዡ በስሙ እንድታገኘው ይረዳታል።

ስሌቱ እንዴት እንደሚሄድ ለማሳየት የእናትዎ መልሶች የሚከተሉት ናቸው ብለን እንያዝ። ከሞሰቡ ሰባት እንጀራ ወጣ፤ አንድ ተኩል ተመለሰ፤ ስለዚህ አራታችሁ አምስት ተኩል በላችሁ፤ የመካከለኛ ድርሻው ከአንድ እንጀራ ከሩብ ጥቂት ይበልጣል። እርስዎ ከሁለቱ ወጣቶች ያነሰ፣ ከእናትዎ የበለጠ በልተዋል፤ ከአንድ አላነሰም፣ ከአንድ ተኩልም አልበለጠም ብለው ወሰኑ። የቤቱ እንጀራ ሲመዘን አማካዩ 310 ግራም ሆነ። በ100 ግራም እንጀራ ውስጥ በጥቅሉ ከ30 እስከ 35 ግራም ካርቦሃይድሬት ስለሚኖር፣ መካከሉን 32 ግራም ብለን ብንይዝ ከእንጀራው ብቻ ያገኙት ከ100 እስከ 150 ግራም ገደማ ነው። ሽሮው በ200 ግራም ዱቄትና በ100 ሚሊ ሊትር ዘይት ተሠርቶ ሙሉ በሙሉ ተበላ። የእርስዎ ድርሻ አንድ አራተኛ ገደማ ከሆነ ወደ 50 ግራም ዱቄት በልተዋል፤ ይህም ድርሻው ጥቂት ከፍ ዝቅ ሊል እንደሚችል ይዘን ከ25 እስከ 35 ግራም ካርቦሃይድሬት ይሆናል፤ አብሮት የመጣው ዘይትም 25 ሚሊ ሊትር ስለሆነ በራሱ ወደ 200 ኪሎ ካሎሪ ነው። ከምስሩ ግማሹ ተርፏል፤ የእርስዎ ድርሻ ከ10 እስከ 20 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ጎመኑና ጥብሱ ድንች ካልገባባቸው በዚህ ረገድ ከቁጥር የሚገቡ አይደሉም፤ የዘይታቸውን መጠን ብቻ ይጻፉ። ቡና ተፈልቶ ሦስት ስኒ በአንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ከጠጡ፣ ማንኪያው እስከ ከንፈሩ ብቻ የሞላ ወይም የተከመረ እንደመሆኑ ከ12 እስከ 18 ግራም ይሆናል። ከአንድ እስከ ሁለት እፍኝ የገብስ ቆሎ ደግሞ ከ20 እስከ 40 ግራም ይጨምራል።

ዝቅተኞቹ ሲደመሩ 167፣ ከፍተኞቹ ሲደመሩ 263 ግራም ይመጣል። ሁሉም ግምቶች በአንድ ጊዜ ዝቅተኛ ወይም በአንድ ጊዜ ከፍተኛ የመሆናቸው ዕድል አነስተኛ ስለሆነ፣ እውነተኛው መጠን ከ190 እስከ 240 ባለው መካከል ነው ብሎ መሥራት ተገቢ ነው። ይህ ስፋት ብዙ ሊመስልዎ ይችላል፤ ነገር ግን ከየት እንደመጣ ይመልከቱ። ከ96 ግራሙ ልዩነት 50ው የእንጀራው ነው፤ በግማሽ እንጀራ መሳሳት ሽሮውን በሙሉ ከመርሳት ይበልጣል ማለት ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ጊዜ ካለዎት የጎመኑን ማንኪያ በመቁጠር አያጥፉት፤ ከዘመዶችዎ አንዱን ስለ እንጀራው ይጠይቁ። የቡናውና የቆሎው ድምርም ከ32 እስከ 58 ግራም መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ከመለካቱ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ የገባ ስለሆነ 212ን ለማስረዳት ከወጦቹ ሁሉ የቀረበ ሊሆን ይችላል። አንድ ፎቶ፣ ያውም ምሳው እንደቀረበ የተነሣ፣ ይህን በፍጹም አያሳይዎትም ነበር።

ግምቱ መስመር መሳቱን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉ። የአራታችሁ ድርሻ ሲደመር ከድስቱና ከሞሰቡ ከወጣው በልጦ ከተገኘ አንዱ ተሳስቷል። የእርስዎ ቁጥሮች ሁሉ ያለ ስፋት ክብ ሆነው ከወጡ፣ አንድ እንጀራ፣ አንድ ጭልፋ፣ አንድ ማንኪያ ብቻ ከሆነ፣ የጻፉት ያስታወሱትን ሳይሆን ይሆናል ብለው ያሰቡትን ነው። ዝርዝሩ ባለሙያዋ በሰጠችዎ ምክር ልክ ተስተካክሎ ከተገኘም እንዲሁ። ስለ መጨረሻው ጥርጣሬ በግልጽ ልናገር፤ ብዙ ሰዎች የጋራ ገበታ ላይ የበሉትን ሲጽፉ ባለሙያው ፊት እንዳያፍሩ ያሳንሱታል። መዝገቡ ከተቀነሰና ስኳሩ ከፍ ካለ፣ ሐኪሙ መድኃኒቱ አልበቃም ብሎ መጠኑን ሊጨምር ይችላል፤ ጉዳቱም በእርስዎ ላይ ነው።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ማስጠንቀቂያ አለ። ከትውስታ የተገኘ ግምት ምግብዎን ለመመርመር ይበቃል፤ የመድኃኒት መጠን ለመወሰን ግን አይበቃም። እርስዎ የሚዋጥ መድኃኒት ስለሚወስዱ በአንድ 212 ምክንያት ክኒን አይጨምሩ፣ አይቀንሱ፣ እራትም አይዝለሉ። ይህን የሚያነብ በኢንሱሊን የሚታከም ሰው ካለ ደግሞ፣ እንዲህ ባለው ሰፊ ግምት ላይ ተመሥርቶ ካለፈ ምግብ በኋላ ተጨማሪ መወጋት ስኳሩን አደገኛ በሆነ ደረጃ ሊያወርደው እንደሚችል ይወቅ። ስኳሩ በተደጋጋሚ ከ250 በላይ ከሆነ፣ ወይም ከከፍተኛ ጥማት፣ ከተደጋጋሚ ሽንት፣ ከማስታወክ ጋር ከመጣ፣ የምግብ ዝርዝር መጻፍ ትቶ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

የጊዜ ገደብም አለው። በማግሥቱ የተጻፈ ዝርዝር የታመነ ነው፤ በሦስተኛው ቀን የሚጻፈው የምግቡን ዓይነት እንጂ መጠኑን ብዙም አይዝም፤ ሳምንት ካለፈ በኋላ ሰው የሚጽፈው ያን የተለየ ምሳ ሳይሆን በአብዛኛው የሚበላውን ነው። ያን ያህል ዘግይቶ ቢሆን ኖሮ ቀኑን ትተው በሌላ እሑድ ይተኩት እልዎ ነበር። የሥራ ቀን ግን እሑድን አይተካም፤ የቤተሰብ ማዕድ ያለበት ቀን የሚያሳየውን የሰኞ ምሳ አያሳይም።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው። ዛሬ ማታ ዝርዝሩን ብቻዎን ይጻፉ፤ ነገ ጠዋት ለእናትዎ ደውለው ስለ ሞሰቡ፣ ስለ ድስቱና ስለ ዘይቱ ይጠይቁ፤ እርሳቸው የነገሩዎትን በሌላ ቀለም ይጻፉ፤ የመጀመሪያውን ዝርዝርዎን አይሰርዙ። በገጹ ራስ ላይ «ፎቶ የለም፤ በማግሥቱ ከትውስታ የተጻፈ» ብለው ያስፍሩ፤ እያንዳንዱን መጠን ከዚህ እስከዚህ ብለው ይጻፉ፤ የካርቦሃይድሬቱን ድምር ማውጣቱ ከከበደዎት ለባለሙያዋ ይተዉላት፤ ከእርስዎ የሚፈለገው የእንጀራው ክብደት፣ የድስቱ ይዘት፣ የእርስዎ ድርሻና ሰዓቱ ነው። በሚቀጥሉት ቀናት ከጋራ ገበታ ሲበሉም ፎቶውን ሁለት ጊዜ ያንሡ፤ አንዱን እንደቀረበ፣ ሁለተኛውን እጅ ሲታጠቡ፤ ከመጀመርዎ በፊት ግን ስንት እንጀራ እንደወጣ በወረቀት ይጻፉ፤ ወረቀቱም ከስልኩ ተለይቶ ይቀመጥ።